አባሪውን የሚሸኘው አጭር መልእክት
በኢሜይል ስለሚላክ የሥራ ማመልከቻ የቀረበ ምርመራ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር በርዝመቱ ከስድስት መስመር የማይበልጥ ነው። ይኸውም አንድ ሥራ ፈላጊ በተለምዶ ሲቪ የምንለውን የትምህርትና የሥራ ታሪኩን መግለጫ በኢሜይል አባሪ አድርጎ ሲልክ፥ ከአባሪው በላይ የሚጽፈው አጭር መልእክት ነው። ስለ ሲቪው አዘጋጃጀት በመካከላችን ብዙ ይነገራል። ስለዚህ ትንሽ መልእክት ግን የምንሰማው አስተያየት ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ወገን «ሲቪው ተያይዟል ማለት ይበቃል» ሲል፥ ሌላው ወገን «ማመልከቻ ማመልከቻ ነውና በወጉ ይጻፍ» ይላል። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች የመልእክቱን ሥራ ስተውታል ብለን እናምናለን፤ ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ለምርመራችን መነሻ የሆኑን ባለፈው ዓመት በአካውንቲንግ የተመረቀች አንዲት ጓደኛችን የላከቻቸው ሦስት መልእክቶች ናቸው። የተጻፉት በአዲስ አበባ ለሚገኙ ሦስት የተለያዩ የግል ድርጅቶች ሲሆን፥ በሦስቱም የተጠየቀው ሥራ አንድ ዐይነት፥ ማለት የጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ነበር። ፈቃዷን ጠይቀን፥ የርሷንና የድርጅቶቹን ስም አስቀርተን እንጠቅሳቸዋለን። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መልእክቶች መልስ አላገኘችም፤ በሦስተኛው ለጽሑፍ ፈተና ተጠርታለች። ከሦስት መልእክት ሕግ ማውጣት እንደማይቻል እናውቃለን። የሲቪ ብዛት፥ የተወዳዳሪዎች ችሎታና ሌላም ብዙ ነገር በመካከል አለ። ስለዚህ የምንፈርደው በተገኘው ውጤት ሳይሆን በጽሑፉ በራሱ ነው።

የመጀመሪያው መልእክት በሙሉ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም። ሲቪዬን አያይዣለሁ። አመሰግናለሁ።»

የጉዳዩ ቦታ ባዶ ነው። ከበታቹ ስም የለም። የአባሪው ስም ደግሞ `CV final 2.docx` ነው። ጓደኛችን እንዲህ የጻፈችው ከስንፍና አልነበረም። «ሰው ሥራ ይበዛበታል፤ የሚፈልገው ሁሉ በሲቪው ውስጥ አለ፤ ለምን አሰለቸዋለሁ?» ብላ ነበር። አሳቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን የተቀባዩን ድካም አላቀለለም። ተቀባዩ ኢሜይሉን ሲከፍት በመጀመሪያ የሚያየው አንድ ረድፍ ነው፤ በረድፉም ላይ የላኪው ስም፥ ጉዳዩና የመልእክቱ የመጀመሪያ ጥቂት ቃላት ተጽፈዋል። በጓደኛችን ረድፍ ላይ የነበረው የትምህርት ቤት ዘመን ቅጽል ስም፥ ባዶ ቦታና «ሰላም» የሚል ቃል ነው። ድርጅቱ በዚያው ሳምንት የሒሳብ ሠራተኛ፥ ሹፌርና ጸሐፊ ፈልጎ እንደሆነ፥ ይህች አመልካች ለየትኛው ቦታ እንደመጣች ለማወቅ መልእክቱን መክፈት፥ አባሪውን ማውረድና ሲቪውን ማንበብ ያስፈልጋል። የጸሐፊዋ ማጠር የአንባቢውን ሥራ አስረዘመው ማለት ነው።

የአባሪውም ስም የራሱ ጉዳት አለው። ሲቪው ከመልእክቱ ተለይቶ በአንድ ማኅደር ውስጥ ሲቀመጥ ወይም ወደ ሒሳብ ክፍል ኀላፊው ሲተላለፍ፥ ከርሱ ጋር የሚሄደው ስሙ ብቻ ነው። `CV` ተብለው የተሰየሙ 40 ፋይሎች በአንድ ማኅደር ሲከማቹ ማን የማን እንደሆነ ሳይከፈት አይታወቅም። ስለዚህ የአመልካቹን ሙሉ ስምና የሥራውን መጠሪያ በፋይሉ ስም ላይ ማኖር የመልእክቱ አንድ ክፍል እንጂ ትርፍ ጌጥ አይደለም።

ጓደኛችን መልስ ባጣች ጊዜ «ያለ ወግ ስለጻፍሁ ነው» ብላ ወደ ሌላው ዳር ሄደች። ሁለተኛው መልእክቷ ረጅም ስለሆነ ዋናውን ክፍል ብቻ እንጠቅሳለን፦

«ለ... ድርጅት የሰው ኀይል አስተዳደር መምሪያ፤ አዲስ አበባ። ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደሞከርሁት እኔ አመልካች በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቅሁ ሲሆን፥ በተሰጠኝ የሥራ መስክ በታታሪነትና በታማኝነት ለማገልገል ዝግጁ መሆኔን እየገለጽሁ፥ የትምህርት ማስረጃዬን ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዤ ያቀረብሁ ስለሆነ፥ መሥሪያ ቤታችሁ የተለመደ ትብብሩን እንዲያደርግልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ይህን ቃል የማያውቅ ከመካከላችን አይገኝም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ስንማር የተለማመድነው ይኸንኑ ነው፤ እኛም ብንሆን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚሁ ዐይነት እንጽፍ ነበር። ለወረቀት ደብዳቤ የተሠራ፥ በቦታው የሚያገለግል ሥርዐት ነው። በወረቀት ላይ «ለ» ባይጻፍ ደብዳቤው ወደ ማን እንደሚሄድ አይታወቅም፤ «ጉዳዩ» ባይጻፍ መዝገብ ቤቱ ወደየትኛው ክፍል እንደሚመራው አያውቅም፤ ቀኑ፥ አባሪውና ግልባጩም እንዲሁ በእጅ ካልተመለከቱ የሚያመለክታቸው ሌላ የለም።

በኢሜይል ግን እነዚህን ሁሉ የሚይዝ ቦታ ከመልእክቱ በላይ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ላኪው፥ ተቀባዩ፥ ቀኑና ሰዓቱ፥ የአባሪው ስም በየቦታቸው ይታያሉ። `Subject` የሚለው ቦታ የእኛው «ጉዳዩ» ነው፤ `Cc` የሚባለውም በካርቦን ወረቀት ይወጣ ከነበረው ግልባጭ ስሙን የወረሰ፥ የእኛው «ግልባጭ ለ» ነው። እንግዲህ ጓደኛችን የደብዳቤውን ራስ እንዳለ በመልእክቱ ውስጥ ስትገለብጠው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተነገረ። ይህም ንጹሕ ትርፍ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ጉዳት አለው። ቀደም ብለን በጠቀስነው ረድፍ ላይ የሚታዩት የመጀመሪያ ቃላት «ለ... ድርጅት የሰው ኀይል አስተዳደር መምሪያ» የሚሉት ሆኑ። አንባቢው ስለ አመልካቿ ሊያውቅ በሚችልበት በዚያች ጥቂት ቦታ የራሱን መሥሪያ ቤት ስም አነበበ።

ወደ ቃላቱም ስንገባ ሌላ ነገር እናገኛለን። «የተለመደ ትብብሩን እንዲያደርግልኝ» የሚለው አነጋገር ሁለት መሥሪያ ቤቶች እርስ በርሳቸው ሲጻጻፉ ትርጉም አለው፤ ትናንት የተባበሩ ዛሬም ይተባበራሉና። ይህች ልጅ ግን ከድርጅቱ ጋር ትውውቅ የላትም፤ የተለመደው ትብብር የትኛው ነው? «ሥራ እንዲሰጠኝ» የሚለውም ለአቤቱታ እንጂ ለውድድር የሚስማማ አይደለም። አቤቱታ የሚቀርበው ለመማር ወይም ለመከልከል ሥልጣን ላለው ሰው ነው፤ ይግባኝ ባዩም ችግሩን ያስረዳል። የሥራ ማስታወቂያ ያወጣ ድርጅት ግን ራሱ ፈላጊ ነው። እርሱ የሚያደርገው አንዱን አመልካች ከሌላው ጋር ማወዳደር ስለሆነ የሚሻው ለማወዳደሪያ የሚሆን ነገር ነው። «በታታሪነትና በታማኝነት» የሚሉት ቃላት ደግሞ መልካሞች ቢሆኑም ሁሉም አመልካች የሚጽፋቸው፥ ማንም በንባብ ሊያረጋግጣቸው የማይችል ናቸው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው፥ በዚህ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ የሥራው መጠሪያ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠቀሱ ነው። «በተሰጠኝ የሥራ መስክ» ብላ አልፋዋለች። ስለዚህ ረጅሙ መልእክትና ባለአራት ቃሉ መልእክት በአንድ ጉድለት ተገናኙ ማለት ነው፤ ሁለቱም የመጣችው ለምን እንደሆነ አይናገሩም።

ሦስተኛውን መልእክት ጓደኛችን የጻፈችው ከእኛ ጋር ከተነጋገረች በኋላ ነው። በጉዳዩ ቦታ ላይ «ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ» ብላ ሙሉ ስሟን አስከትላለች። የቀረው እንዲህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ባወጣችሁት ማስታወቂያ መሠረት እያመለከትሁ ነው። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ለ4 ወር በተለማማጅነት በሠራሁበት የጅምላ መደብር በየወሩ መጨረሻ የባንኩን መግለጫ ከመደብሩ የገንዘብ መዝገብ ጋር አስታርቅ ነበር፤ ማስታወቂያችሁ በመጀመሪያ የጠቀሰው ሥራም ይኸው ነው። ዝርዝሩ በተያያዘው ሲቪ በ1ኛው ገጽ ላይ ይገኛል። ለፈተናም ሆነ ለቃለ መጠይቅ በማንኛውም የሥራ ቀን ልቀርብ እችላለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

ከዚህም በታች ሙሉ ስሟና የስልክ ቁጥሯ አሉ። መልእክቱ የተላከውም በቅጽል ስሟ ሳይሆን በእውነተኛ ስሟ በተከፈተ አዲስ አድራሻ ነው።

የዚህ መልእክት ጥቅሙ ማጠሩ አይደለም፤ የመጀመሪያው ከዚህም ያጥር ነበር። ጥቅሙ ያለው በመካከለኛው ዐረፍተ ነገር ነው። ሲቪው ጓደኛችን ያደረገችውን ሁሉ በተርታ ይዘረዝራል፤ ሲቪው ግን ከዝርዝሩ የትኛው ለዚህ ቦታ እንደሚጠቅም አይናገርም፤ ለሁሉም ድርጅት አንድ ሆኖ የተጻፈ ነውና። ማስታወቂያውም የሚፈለገውን ይዘረዝራል፤ ማን እንዳለው ግን አያውቅም። በሁለቱ ዝርዝሮች መካከል አንድ መስመር የሚያሰምረው ይህ መልእክት ብቻ ነው። ባንኩ የሚልከውን የወር መግለጫ ከራስ መዝገብ ጋር አስተያይቶ፥ ያልተመነዘረ ቼክ ወይም ያልተመዘገበ የባንክ ክፍያ ያለ እንደሆነ ልዩነቱን ማስታረቅ፥ የሒሳብ ሥራ የሚያውቅ ሰው ወዲያው የሚረዳው ተግባር ነው። «ታታሪ ነኝ» ከሚለው ቃል ይልቅ ይኸኛው ሊመረመር ይችላል፤ በቃለ መጠይቅ «ልዩነት ስታገኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ተብላ ልትጠየቅ ትችላለችና። ሊመረመር የሚችል ቃል የሚያቀርብ አመልካች አንባቢውን የሚጠይቀው ነገር ሰጥቶታል።

በመሥሪያ ቤቶቻችን ቋንቋ ሰነድን ይዞ የሚሄድ ደብዳቤ «ሸኚ ደብዳቤ» ይባላል፤ ስሙም ሥራውን በትክክል ይገልጻል። ሸኚ እንግዳውን እስከ ደጃፍ ያደርሳል፥ ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ ይናገራል፥ ከዚያም ይመለሳል። በሩ ላይ ቆሞ የእንግዳውን ታሪክ ሁሉ የሚተርክ ሸኚ እንግዳውን አያስገባውም፤ ዝም ብሎ ትቶት የሚሄድም አላስተዋወቀውም። «ሲቪዬን አያይዣለሁ» ብሎ ማቆም የሁለተኛውን፥ ሲቪውን በመልእክቱ ውስጥ እንደገና መጻፍ የፊተኛውን ስሕተት መሥራት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ክርክር እንደሚነሣብን እናውቃለን። ታላላቆቻችን «እንዲህ ያለ አጭር ጽሑፍ ድፍረት ይመስላል፤ ለማያውቁት ሰው በትሕትና መጻፍ ባህላችን ነው» ይሉናል። ክርክሩ ክብደት ስላለው በቀላሉ አናልፈውም። መልሳችን፥ በአማርኛ አክብሮት የሚኖረው በዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ሳይሆን በግሡና በተውላጠ ስሙ ላይ ነው የሚል ነው። የመልእክቱ ተቀባይ በስም የታወቀ ሰው እንደሆነ «የተከበሩ» ብሎ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በ«እርስዎ» መጻፍ፥ ድርጅት እንደሆነ ደግሞ በ«እናንተ» መጻፍ ይበቃል። የአክብሮት ጉድለት በእውነት የሚታየው እነዚህ ሲደባለቁ፥ ማለት «እርስዎ» ብሎ የጀመረ ሰው በሁለተኛው መስመር «ድርጅታችሁ»፥ በሦስተኛው «አሳውቀኝ» ሲል ነው። ይህም የሚመጣው የድሮውን መልእክት ገልብጦ በከፊል ከማረም ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ከእንግሊዝኛ ተወስዶ «ውድ ጌታዬ ወይም እመቤቴ» ተብሎ የሚጻፈውን አጀማመር ማንሣት ይገባናል። እንግሊዝኛ የተቀባዩን ጾታ በማያውቅበት ጊዜ በዚህ አጀማመር ሁለቱንም ይጠራል። አማርኛ ግን «የተከበሩ» እና «እርስዎ» ለወንድም ለሴትም ስለሚሆኑለት ይህ ችግር የለበትም። የሌላውን ቋንቋ ችግር ያለ ችግራችን መዋስ አያስፈልገንም።

የምርመራችንንም ወሰን ማመልከት አለብን። ማስታወቂያው «የተፈረመ ማመልከቻ ይቅረብ» ያለ እንደሆነ፥ ማመልከቻው በወጉ ተጽፎ ሁለተኛ አባሪ ይሆናል፤ መልእክቱ ግን ያው አጭር ሆኖ ሁለቱንም ይሸኛል። ማስታወቂያው በጉዳዩ ቦታ ላይ የሚጻፈውን ቃል ወስኖ ሲሰጥ ደግሞ የእኛ ምክር ቀርቶ የተወሰነው ቃል ሳይለወጥ ይጻፋል፤ ተቀባዩ መልእክቶቹን በዚያ ቃል ሊለያቸው ይችላልና። ማስረጃን በአካል ማቅረብ የሚጠይቁ መሥሪያ ቤቶች ዘንድም ኢሜይል አይሠራም። ከዚህም ሁሉ በላይ፥ ሲቪው ውስጥ የሌለውን ችሎታ መልእክቱ ሊፈጥረው አይችልም። ጓደኛችን የባንክ ሒሳብ ባታስታርቅ ኖሮ ሦስተኛውን መልእክት ልትጽፈው አትችልም ነበር። ልምድ የሌለው ተመራቂ ግን ባዶ እጁን ነው ማለት አይደለም፤ በትምህርት ላይ የሠራውን፥ ከማስታወቂያው ጋር የሚገናኝ አንድ ጥናት ወይም ልምምድ በዚያው ቦታ ሊያኖር ይችላል።

በመጨረሻ ስለ አላላኩ ጥቂት እንበል፤ መልካም ጽሑፍ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህ ነውና። «አያይዣለሁ» ብሎ ሳያያይዙ መላክ የታወቀ ስሕተት ነው። መድኀኒቱ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ በመጀመሪያ አባሪው ይያያዛል፥ ቀጥሎ መልእክቱ ይጻፋል፥ የተቀባዩ አድራሻ በመጨረሻ ይሞላል። አድራሻ የሌለው መልእክት በስሕተት ሊሄድ አይችልም። ሁለተኛው ስሕተት የብዙ ድርጅቶችን አድራሻ በአንድ ላይ ሞልቶ መላክ ነው፤ እያንዳንዱ ድርጅት የሌሎቹን አድራሻ በግልጽ ያያል፥ መልእክቱም ለርሱ እንዳልተጻፈ ያውቃል። ሦስተኛው በተለይ የአማርኛ ጸሐፊዎችን የሚያገኝ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሲሆን፥ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተዘጋጁ የፊደል ቅርጾች ዛሬም በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች ላይ ይገኛሉ። በእነርሱ የተጻፈ ሲቪ ያ የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይታያል። ሲቪው ፒዲኤፍ ሆኖ ሲቀመጥ ግን የፊደሉን ቅርጽ በውስጡ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ይህ አደጋ በአብዛኛው ይወገዳል። የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ስሕተት አስቀድሞ ለማወቅ መልእክቱን በመጀመሪያ ወደ ራስ አድራሻ ልኮ፥ ከተቻለ በሌላ ሰው ስልክ ላይ፥ መክፈት ነው። በዚያን ጊዜ ጸሐፊው ያን ረድፍ በተቀባዩ ዐይን ያየዋል፤ ስሙ፥ የሥራው መጠሪያና የመጀመሪያው ቃል በቂ መሆናቸውን ለመፍረድም ይችላል።

እንግዲህ አሳባችንን ስናጠቃልል፥ ሲቪ የተያያዘበት የማመልከቻ ኢሜይል ያጠረ ማመልከቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ነው፤ የሚመዘነውም በማስታወቂያውና በሲቪው መካከል የሚያገናኘውን አንድ እውነተኛ ነገር በመናገሩ ነው። ይህን አስተያየት የጻፍነው ከላኪዎች ወገን ሆነን ነው። በመሥሪያ ቤት ተቀምጠው እንዲህ ያሉ መልእክቶችን የተቀበሉ መምህራንና ጓደኞች የተሳሳትነውን ቢያርሙን በደስታ እንቀበላለን፤ በዚህ ዓመት መጨረሻ እኛም በዚያ ረድፍ ላይ ስማችንን ማኖራችን አይቀርምና።